አንዲት ክፍል ለመጨመር ለከተማ አስተዳደሩ የሚላክ ኢሜይል ምን ይዞ መሄድ አለበት?

ባሕር ዳር፦ “ቤቴን በትንሹ ማስፋት እፈልጋለሁ፤ ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይስ አያስፈልገኝም?” የሚል አጭር ኢሜይል ለአንድ ከተማ አስተዳደር ቢላክ፣ ተቀባዩ ባለሙያ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ሊሰጠው የሚችለው ምላሽ “ቢሯችን መጥተው ያነጋግሩን” ከሚለው አያልፍም። ጥያቄው ስለ ቦታው፣ ስለ ይዞታው ዓይነት፣ ስለ ነባሩ ቤትና ስለሚጨመረው ክፍል አንዳች ነገር አልያዘምና። ጠያቂውም መልስ አላገኘሁም ብሎ ድንጋይና ብሎኬት ማስወረድ ይጀምራል፤ ግድግዳው መስኮት ላይ ሲደርስ ደንብ አስከባሪ በሩን ያንኳኳል።

በአንጻሩ፣ መጠኑን፣ ርቀቱንና ሰነዱን ለይቶ የያዘ የአንድ ገጽ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። መልሱ “አይቻልም” የሚል ቢሆን እንኳ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የታወቀ እምቢታ ነው። ይህ ጽሑፍ አንድን የመኖሪያ ቤት ጭማሪ በምሳሌነት ወስዶ፣ ለከተማው የሕንፃ ሹም የሚላከው ጥያቄ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ለምን እንደሚገባበትና የሚመጣው ምላሽ እንዴት እንደሚነበብ ያብራራል።

በሕግ ፊት “ትንሽ” ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን የሕንፃ ሥራን በአንድ ማዕቀፍ ውስጥ ያስገባው በ2001 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። አዋጁ “ግንባታ” የሚለውን ቃል ሲተረጉም አዲስ ሕንፃ መሥራትን ብቻ አላለም፤ ያለውን ሕንፃ ማሻሻልንና የሕንፃውን አገልግሎት መለወጥንም በአንድነት አካትቷል። በመሆኑም ከነባር ቤት ጋር ተያይዛ የምትሠራ አንዲት ክፍል፣ ጥበቧ ወይም የዋጋዋ ማነስ ከፈቃድ ነፃ አያወጣትም። የመኪና ማቆሚያን ግድግዳ ሠርቶ ሱቅ ማድረግም እንዲሁ የአገልግሎት ለውጥ ነው። ቀለም መቀባትና የተሰበረ መስታወት መተካት ግን የቤቱን መዋቅርም ሆነ አገልግሎት ስለማይነኩ ከዚህ ጋር የሚቆጠሩ አይደሉም።

አዋጁ ተፈጻሚ የተደረገው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ነው። እንደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴና ደብረ ብርሃን ያሉ ከተሞች በዚህ ውስጥ እንደሚወድቁ ግልጽ ነው። ሕንፃዎችንም በሦስት ምድብ ከፍሏቸው ነበር። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት የኮንክሪት፣ የብረት ወይም የሌላ መዋቅር ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ሕንፃ በምድብ “ሀ” ይመደብ ነበር። በሌላው ጫፍ ያለው ምድብ “ሐ” የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች ይይዝ ነበር። ምድብ “ለ” በሁለቱ መካከል ያሉትን ይሸፍን ነበር። ምድቡ መታወቁ የሚጠቅመው የሚጠየቀው ንድፍ፣ ንድፉን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ደረጃና የክትትሉ ጥብቀት በእርሱ ስለሚወሰን ነው።

በአዋጁ መሠረት ፈቃድ የሚሰጠውና የሚከለክለው አካል “የሕንፃ ሹም” ይባላል። ኢሜይሉ በጥቅሉ “ለማዘጋጃ ቤቱ” ከተባለ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሊንከራተት ይችላል፤ “ለሕንፃ ሹም” ተብሎ ሲጻፍ ግን ባለቤቱ ይታወቃል።

ሦስት በሮች፣ አንድ ጥያቄ

የቤት ጭማሪ ጉዳይ በተከታታይ ሦስት በሮችን ያልፋል። የመጀመሪያው የይዞታ በር ነው፤ መሬቱ በማን ስም ነው? በሊዝ የተያዘ ነው ወይስ ነባር ይዞታ? በሊዝ የተያዘ ከሆነ በውሉ ላይ የተጻፈው የግንባታ ዓይነት አብሮ ይታያል። ቤቱ በባንክ ዋስትና የተያዘ፣ በፍርድ ቤት የታገደ ወይም ከወራሾች ጋር በጋራ ያለ ከሆነም ጥያቄው ከዚሁ በር ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው የፕላን በር ነው። የከተማው መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን በዚያ ሰፈር ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚፈቀድ፣ ከቦታው ስፋት ምን ያህሉ በሕንፃ ሊሸፈን እንደሚችል፣ ከመንገድና ከወሰን ምን ያህል መራቅ እንደሚገባ ይወስናሉ። አመልካቹ ዝርዝር ንድፍ ከማሠራቱ በፊት “የፕላን ስምምነት” የሚባለውን ማረጋገጫ እንዲያገኝ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ቦታው ወደፊት ለሚሰፋ መንገድ የተያዘ ከሆነ፣ እውነቱ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው የሕንፃ በር ነው። መሠረቱ፣ ዓምዱ፣ ጣሪያው፣ የፍሳሽና የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመረመሩት በዚህ ደረጃ ሲሆን፣ የምርመራው ውጤት የግንባታ ፈቃድ ይሆናል። ብዙ ሰዎች የፕላን ስምምነት እንዳገኙ ፈቃድ ያገኙ እየመሰላቸው ቁፋሮ ይጀምራሉ። የፕላን ስምምነት “በዚህ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ይቻላል” የሚል ማረጋገጫ እንጂ “ጀምር” የሚል ፈቃድ አይደለም።

ከመጻፍ በፊት መለካት

ለአብነት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናታቸውን ከገጠር አምጥተው አብረዋቸው እንዲኖሩ አንዲት ክፍል ለመጨመር አሰቡ እንበል። ግቢያቸው በአጥሩ ሲለካ ከመንገድ በኩል 12.5 ሜትር ወርድ፣ ወደ ውስጥ 20 ሜትር ርዝመት አለው፤ ስፋቱ 250 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ባለ አንድ ወለሉ ዋና ቤት 8 ሜትር በ9 ሜትር ሲሆን 72 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ከበር ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው፣ ቤቱ ከግራ አጥር 1.5 ሜትር፣ ከቀኝ አጥር 3 ሜትር፣ ከመንገዱ 4 ሜትር ይርቃል። በግቢው ጀርባ ግራ ማዕዘን ላይ አጥሩን ተጠግታ የተሠራች 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች ማድ ቤት አለች፤ 12 ካሬ ሜትር።

የሚጨመረው ክፍል 4 ሜትር በ4 ሜትር ሆኖ በቤቱ ጀርባ በቀኝ በኩል ይቀጠላል። ከቤቱ የኋላ ግድግዳ እስከ ጀርባ አጥር ያለው ቦታ 7 ሜትር ስለሆነ፣ ክፍሉ ተሠርቶ ከኋላው 3 ሜትር ይተርፋል። በዚህ በሚተርፈው ቦታ ላይ፣ ከአዲሱ ግድግዳ 1 ሜትር ብቻ ርቆ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሴፕቲክ ታንክ ተቀብሯል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አሁን በግንባታ የተሸፈነው 72 ሲደመር 12፣ ማለትም 84 ካሬ ሜትር ነው። 16 ካሬ ሜትር ሲጨመርበት 100 ይሆናል። 100 ለ250 ሲካፈል የቦታው 40 በመቶ ተሸፈነ ማለት ነው። ለዚያ ሰፈር የተፈቀደው ሽፋን 50 በመቶ ቢሆን እስከ 125 ካሬ ሜትር መሥራት ስለሚቻል ጭማሪው ያልፋል፤ 35 በመቶ ቢሆን ግን ጣሪያው 87.5 ካሬ ሜትር ስለሆነ አያልፍም። ስለዚህ በኢሜይሉ ውስጥ ከሚጠየቁት ቀዳሚው ጥያቄ ይህ መቶኛ ነው።

መምህሩ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታቸውን ሲያወጡ ግን ያልጠበቁትን አገኙ። በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋት 240 ካሬ ሜትር ነው። የ10 ካሬ ሜትሩ ልዩነት ከየት መጣ? የግቢው ርዝመት 20 ሜትር ስለሆነ፣ ከጎን አጥሮች አንዱ ግማሽ ሜትር ወጣ ብሎ ከታጠረ ልዩነቱ በትክክል 10 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሽፋኑ ከ40 ወደ 41.7 በመቶ ከፍ ማለቱ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ስህተቱ በቀኝ አጥር ከሆነ፣ የአዲሱ ክፍል ከወሰን መራቂያ 3 ሜትር ሳይሆን 2.5 ሜትር ይሆናል። ስህተቱ በግራ አጥር ከሆነ ግን አጥሩን ተጠግታ የቆመችው ማድ ቤት ግማሽ ሜትሯ ከይዞታቸው ውጭ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ልዩነት በብዙ ግቢ ያጋጥማል፤ አጥር ሲታደስ በጥቂቱ ይገፋል፣ ችካል ይጠፋል፣ የጎረቤት ስምምነት በቃል ብቻ ይቀራል። ርቀት የሚለካው ግን በካርታው ላይ ካለው ወሰን እንጂ ከአጥሩ አይደለም። ልዩነቱን ባለንብረቱ አስቀድሞ ገልጾ የወሰን ልኬት እንዲደረግለት ቢጠይቅ፣ ጉዳዩ የልኬት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ባለሙያው ለመስክ ምልከታ ሲመጣ ካገኘው ግን የክፍሉ ጥያቄ ቀርቶ የይዞታ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ኢሜይሉ

እነዚህን መረጃዎች ከሰበሰቡ በኋላ መምህሩ የሚጽፉት ኢሜይል የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

“ለከተማ አስተዳደሩ የሕንፃ ሹም

ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ቤት ላይ 16 ካሬ ሜትር ጭማሪ ለመሥራት ስለሚያስፈልገው የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ መረጃ ስለመጠየቅ

ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው አመልካች በክፍለ ከተማ …፣ ቀበሌ …፣ የቤት ቁጥር … የሚገኝ፣ በካርታ ቁጥር … የተመዘገበ ነባር ይዞታ ባለቤት ነኝ። በካርታው መሠረት የቦታው ስፋት 240 ካሬ ሜትር ነው። በቦታው ላይ 72 ካሬ ሜትር የሆነ ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤትና 12 ካሬ ሜትር የሆነ ማድ ቤት ይገኛሉ።

ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ጋር የተያያዘ፣ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ አንድ የመኝታ ክፍል ለመጨመር አስቤያለሁ። ክፍሉ ባለ አንድ ወለል ሲሆን በዓምዶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ4 ሜትር አይበልጥም፤ አገልግሎቱም ለመኖሪያ ብቻ ነው። ወደፊት ፎቅ የመጨመር ዕቅድ የለኝም። ቦታው በአጥር ሲለካ ከካርታው በግምት 10 ካሬ ሜትር ብልጫ እንዳለው ተገንዝቤያለሁ።

ስለዚህ በሚከተሉት ነጥቦች ላይ የጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1. ይህ ጭማሪ በየትኛው የሕንፃ ምድብ ይታያል? በአሁኑ ጊዜ በሥራ ላይ ያለውና ለዚህ ጉዳይ የሚያገለግለው አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ የትኛው ነው?

2. በቦታው ላይ በአካባቢ ልማት ፕላኑ የተፈቀደው የሕንፃ ሽፋን ስንት በመቶ ነው? ከጎንና ከኋላ ወሰን፣ እንዲሁም ከመንገድ መራቅ የሚገባው ርቀት ስንት ነው? መስኮት ባለው ግድግዳና መስኮት በሌለው ግድግዳ መካከል ልዩነት ይደረጋል?

3. የካርታውና የአጥሩ ልዩነት ከማመልከቻው በፊት በወሰን ልኬት መጣራት አለበት? ከሆነ ጥያቄውን ለየትኛው የሥራ ክፍል ላቅርብ?

4. ከታሰበው ግድግዳ 1 ሜትር ርቆ የሚገኘው ሴፕቲክ ታንክ ባለበት መቆየት ይችላል?

5. ምን ምን ንድፎች ይቀርባሉ? በምን ደረጃ ባለ ባለሙያ ይዘጋጁ? የነባሩ ቤት ንድፍ ከሌለኝ ምን ይተካዋል?

6. የአገልግሎት ክፍያው ስንት ነው? ለፕላን ስምምነቱና ለፈቃዱ የተመደበው የሥራ ቀን ስንት ነው? ፈቃዱስ ለምን ያህል ጊዜ ያገለግላል?

የካርታውን ቅጂ፣ በእጅ የተሠራ የግቢ ንድፍና አራት ፎቶግራፎች አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ቀን”

እያንዳንዱ መስመር ለምን?

“በሥራ ላይ ያለው መመሪያ የትኛው ነው?” የሚለው ጥያቄ ለይስሙላ የገባ አይደለም። አዋጅ ይሻሻላል፤ ክልሎችና ከተሞችም የራሳቸውን ማስፈጸሚያ ያወጣሉ። ጎረቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት የሠራበት ርቀት ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ምላሹ የመመሪያውን ቁጥር ከጠቀሰ፣ በኋላ ሌላ ባለሙያ የተለየ ቃል ቢናገር የሚመሳከርበት ነገር ይኖራል።

“ወደፊት ፎቅ የመጨመር ዕቅድ የለኝም” የሚለው ዓረፍተ ነገር አጭር ቢሆንም ክብደት አለው። ብዙ ሰው “ለነገ” በሚል የዓምድ ብረት ከጣሪያ በላይ አስወጥቶ ይተዋል። ይህ ለሕንፃ ሹሙ የሚነግረው ባለቤቱ የጠየቀው አንድ ወለል፣ ያሰበው ግን ሁለት መሆኑን ነው። በእርግጥ ፎቅ የሚታሰብ ከሆነ መሠረቱም ሆነ ዓምዱ ለዚያ ሊሰላ ስለሚገባ፣ ከመጀመሪያው እውነቱን ገልጾ መጠየቅ ይሻላል።

የመስኮቱ ጥያቄ ከጎረቤት ጋር ያለን ሰላም ይመለከታል። ወደ ሌላ ሰው ግቢ የሚያይ መስኮት ከድፍን ግድግዳ የበለጠ ክርክር ያስነሳል። በምሳሌያችን የወሰን ርቀቱ በቀኝ በኩል 2.5 ሜትር ሊሆን እንደሚችል አይተናል። ምላሹ “መስኮት ላለው ግድግዳ 3 ሜትር” የሚል ቢሆን፣ መምህሩ ክፍሉን ማጥበብ አይጠበቅባቸውም፤ መስኮቱን 3 ሜትር ወደሚተርፈው የጀርባ ግቢ አዙረው የቀኙን ግድግዳ ድፍን ማድረግ ይችላሉ። አንድ ቁጥር ማወቅ ሙሉ ንድፍ እንደገና ከማሠራት ያድናል።

የሴፕቲክ ታንኩ ጥያቄ ደግሞ ከወረቀት በላይ ነው። ታንኩ አጠገብ የሚቆፈር መሠረት የታንኩን ግድግዳ የደገፈውን አፈር ይነሳል። ታንኩ የሚያፈስ ከሆነም እርጥበቱ በመሠረቱ ሥር ይሰርጋል። አፈሩ ዋልካ በሆነበት ሰፈር ችግሩ ይከፋል፤ ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ይሰነጠቃል። ነባሩ ቤት ለዓመታት ከአፈሩ ጋር ተላምዶ ተቀምጧል፤ አዲሱ ክፍል ግን ገና መቀመጥ ይጀምራል። ሁለቱ ያለ መለያያ ክፍተት በአንድ ግድግዳ ከተያያዙ፣ በመጋጠሚያው ላይ ከታች ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የሕንፃ ሹሙ “አዲሱ መሠረት ከነባሩ ጋር እንዴት ይገናኛል?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ቢሮክራሲ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ለሚተኙት አዛውንት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ታንኩ የሚመጠጥበት ቱቦ የሚያልፍበት መተላለፊያ መቅረቱንም ማረጋገጥ ይገባል፤ በምሳሌያችን በቀኝ በኩል ያለው ክፍተት ለዚህ ያገለግላል።

የሚያያዘው የግቢ ንድፍ በአርክቴክት የተሠራ መሆን አይጠበቅበትም። በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ወሰኑ፣ መንገዱ፣ ነባሮቹ ቤቶች፣ ታንኩ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ካለ ምሰሶውና አዲሱ ክፍል ይሣሉ፤ በእያንዳንዱ መካከል ያለው ርቀት በሜትር ይጻፍ። የሰሜን አቅጣጫ በቀስት ይመልከት። ፎቶግራፎቹም ክፍሉ የሚሠራበትን ቦታ ከሁለት አቅጣጫ፣ የቤቱን ፊትና ከጎረቤት ጋር የሚያዋስነውን አጥር ያሳዩ።

መልእክቱ ከተላከ በኋላ

ኢሜይል ቀኑንና ይዘቱን መዝግቦ ስለሚያስቀር ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም ብቻውን ላይበቃ ይችላል። በርካታ ጽሕፈት ቤቶች ጉዳይን የሚከታተሉት በመዝገብ ቤት ቁጥር ነው። ስለዚህ ያንኑ ጽሑፍ አትሞና ፈርሞ ለመዝገብ ቤት ማስገባት፣ በቅጂው ላይም የገቢ ቁጥርና ቀን ማስመታት ይመከራል። ቀጥሎ የሚላክ ማስታወሻ ይህን ቁጥር ከጠቀሰ ፋይሉ በቀላሉ ይገኛል።

መረጃ የማግኘት መብት በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገ ሲሆን፣ የመንግሥት አካል ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። ይህ ጊዜ የሚያገለግለው መረጃ ለመጠየቅ እንጂ ለግንባታ ፈቃድ ውሳኔ አለመሆኑን መለየት ያሻል። የፈቃዱ የጊዜ ገደብ የሚቆጠረው ሙሉ ማመልከቻ በተወሰነው ቅጽ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ነው።

ምላሹ ሲመጣ ሦስት ነገሮችን ማየት ይገባል። አንደኛ፣ ምላሹ ለተጠየቁት ስድስት ነጥቦች በቁጥር ይመልሳል ወይስ “በሕጉ መሠረት ይስተናገዳል” ብሎ ያልፋል? የታለፈ ነጥብ ካለ ያንኑ ነጥብ ብቻ ለይቶ መልሶ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ምላሹ የማንን ስምና የሥራ ኃላፊነት ይዟል? ሦስተኛና ዋነኛው፣ ምላሹ መረጃ እንጂ ፈቃድ አይደለም። “ይቻላል” የሚል ኢሜይል ይዞ መሠረት የቆፈረ ሰው፣ ያለፈቃድ ከቆፈረው እኩል ተጠያቂ ነው። ያለፈቃድ የተሠራ ግንባታ እንዲቆም ወይም እንዲፈርስ ሊታዘዝ ይችላል። የቀበሌ ሠራተኛ ወይም የሚያውቁት ባለሙያ በቃል “ችግር የለውም፣ ሥራ” ያለውም በምርመራ ጊዜ አያስጥልም።

እምቢታ ቢመጣ

ምላሹ ወይም የፈቃድ ውሳኔው “አይቻልም” ከሆነ፣ ምክንያቱ በየትኛው በር ላይ እንደሆነ መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሽፋኑ ከጣሪያው አልፎ ከሆነ ክፍሉን ማሳነስ ይቻላል። በምሳሌያችን የተፈቀደው ሽፋን 40 በመቶ ቢሆን፣ ከ240 ካሬ ሜትር ላይ 96 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ነባሩ 84 ሲቀነስ የሚቀረው 12 ካሬ ሜትር ነው። 4 ሜትር በ4 ሜትር የታሰበው ክፍል 4 ሜትር በ3 ሜትር ሆኖ ይፈቀድ ዘንድ እንደገና ሊቀርብ ይችላል፤ ጠበብ ቢልም አልጋና ቁም ሣጥን ይይዛል፤ ከሴፕቲክ ታንኩም ተጨማሪ 1 ሜትር ይርቃል። ምክንያቱ የመንገድ ማስፋፊያ ከሆነ ግን ክፍሉን ማሳነስ አያድንም፤ ቦታውን መቀየር ወይም ሐሳቡን መተው ግድ ይሆናል።

አመልካቹ ውሳኔው ከሕጉ ጋር አይጣጣምም ብሎ ካመነ፣ አዋጁ በሕንፃ ሹም ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብበት ይግባኝ ሰሚ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። ለቦርዱ የሚቀርብ ሰው በእጁ ሊኖረው የሚገባው ከምክንያቱ ጋር በጽሑፍ የተሰጠ ውሳኔ ነው። የቃል እምቢታ ይግባኝ የለውም፤ ስለዚህ “ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ” ማለት መብትን መጠየቅ እንጂ ክርክር መፈለግ አይደለም። ከመጀመሪያው የተላከው ኢሜይል፣ የመዝገብ ቤቱ ቁጥርና የመጣው ምላሽም በዚህ ጊዜ አብረው ይቀርባሉ።

መምህሩ ምላሹን ሲያገኙ ወደ መሐንዲስ የሚሄዱት የተፈቀደውን መቶኛ፣ የወሰን ርቀቱንና የሚጠየቁትን ንድፎች ዝርዝር ይዘው ነው። መሐንዲሱም በግምት ስሎ ሁለቴ ከመመላለስ ይልቅ በልኩ አንዴ ይሠራል። ቁፋሮው የሚጀምረው ግን የግንባታ ፈቃዱ በእጅ ከገባ በኋላ ነው፤ የፈቃዱ ቅጂም ሥራው እስኪያልቅ ከግቢው ሊርቅ አይገባም።